ማጥፊያውን ገና አትንካው፦ ሁለት ፍሪ ፋየር በአንድ ሬድሚ

ጥያቄ፦ ስልኬ ሬድሚ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ስቶሬጁ 64። ፍሪ ፋየር እጫወታለሁ፣ አካውንቴ ከጉግል ጋር የታሰረ ነው፣ 3 ዓመት ለፍቼበታለሁ። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፤ የራሴ ይኑረኝ ሲለኝ የአንድን አፕ ሁለተኛ ቅጂ በሚከፍተው በስልኩ Dual apps ሁለተኛ ፍሪ ፋየር ከፈትኩለት። Guest ብሎ ገብቶ አንድ ወር ተጫወተ። አሁን ስልኩ ሞላ። ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ፓራለል አፕ ልኮልኝ «ይሄ ይሻላል፣ ያንን አጥፋው» ይለኛል። ላጥፋው? ደግሞስ ሁለት አካውንት በአንድ ስልክ ባን ያስደርጋል?

መልስ፦

እስካሁን ካላጠፋኸው አታጥፋው። ለወንድምህም ንገረው፤ እንዲያውም መጀመሪያ ለእሱ ንገረው። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ Dual apps የሚለውን ገጽ ማናችሁም አትክፈቱት። የወንድምህ አካውንት በዓለም ላይ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

የምሠራው ስልክ ጥገና ነው። በአብዛኛው የሶፍትዌሩን በኩል ነው የምይዘው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሱቄ መጣ፤ እንደ ወንድምህ ዓይነት ዕድሜ ላይ ያለ። ስልኩ ይንቀራፈፍበት ነበርና Dual apps ውስጥ ገብቶ የጌሙን ማብሪያ ወደ ግራ ገፋው። ስልኩ ዳታው እንደሚሰረዝ የሚናገር መልእክት አወጣለት። ልጁ መቼ ያነባል፣ እሺ አለው። ሲመልሰው ጌሙ እንደ አዲስ ተከፈተና ስም ምረጥ አለው። የስምንት ወር ጨዋታ በሁለት ንክኪ ሄደ።

«ፋይሉን አውጣልኝ» አለኝ። አይወጣም። የዛሬ ስልኮች ማኅደራቸው የተመሰጠረ ስለሆነ የተሰረዘን የአፕ ዳታ በሪከቨሪ ፕሮግራም መልሶ መልቀም ድሮ ሚሞሪ ካርድ ላይ እንደምንሠራው አይደለም። ለጌሙ ድርጅት እንጻፍ ብዬ የተጫዋች ቁጥሩን ጠየቅኩት። አያውቀውም። ስሙን ያውቃል፤ በጌጣጌጥ ፊደል የተጻፈ፣ እሱም ራሱ መልሶ ሊጽፈው የማይችል ስም። በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የ Dual apps አልነበረም። Guest የምትለዋ ቃል ናት።

በጉግል ወይም በፌስቡክ ስትገባ ጌሙ «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጉግልን ወይም ፌስቡክን ነው። ስልክህ ቢሰረቅ፣ ቢሰበር፣ ውሃ ውስጥ ቢገባ በሌላ ስልክ ገብተህ ያው አንተው ነህ። በ Guest ስትገባ ግን የሚጠየቅ ሦስተኛ ወገን የለም። ጌሙ ስልኩ ላይ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ያንን ፋይል አይቶ ያስገባሃል። ያ ፋይል መታወቂያህ ነው፤ ቅጂ የሌለው መታወቂያ። ደረጃው፣ ልብሱና ዳይመንዱ ሰርቨር ላይ ቢኖርም ይገባኛል የምትልበት ወረቀት ግን ስልኩ ላይ ብቻ ነው ያለው። የወንድምህ ወረቀት ደግሞ ያለው በክሎኑ፣ ማለትም Dual apps በፈጠረው ሁለተኛ ቅጂ ክፍል ውስጥ ነው። ክሎኑን ስታጠፋ ክፍሉ ከነዕቃው ይፈርሳል።

ክፍል ያልኩት ለማሳመር አይደለም፣ በእርግጥም እንደዚያ ስለሚሠራ ነው። አንድሮይድ በአንድ ስልክ ላይ ብዙ ተጠቃሚ ማስተናገድ ይችላል። አንተ ተጠቃሚ 0 ነህ። ሬድሚ ላይ Dual apps ስታበራ ስልኩ ከኋላ ሌላ ተጠቃሚ ይፈጥራል፤ ቁጥሩም 999 ነው። adb የተጫነበት ኮምፒውተር ካለህና ስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ካበራህ ራስህ ታየዋለህ፦

```
adb shell pm list users
adb shell "ps -A | grep freefire"
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ስልኩ ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች ይዘረዝራል፤ 0 እና 999ን ታገኛለህ። ሁለተኛው ሁለቱም ፍሪ ፋየሮች ተከፍተው እያሉ ሲሰጥ ሁለት መስመር ያወጣል፤ ራም አንሶ አንዱ ከተዘጋ ግን የሚታይህ የቀረው ብቻ ነው። የአንዱ መስመር መጀመሪያ `u0_a245` የመሰለ ነው፤ የሌላው `u999_a245`። 245 ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ ያንተ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ልብ በል፣ የመጨረሻው ቁጥር በሁለቱም አንድ ነው፤ ምክንያቱም አፑ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ነው የተጫነው። የተለየው ከፊት ያለው፣ የተጠቃሚው ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁልፍ ያለው። የአንደኛው ፍሪ ፋየር የሌላውን ፋይል ማንበብ አይችልም፤ ግድግዳውን ያቆመው ራሱ አንድሮይድ ነውና።

ስልክህ የሞላበት ምክንያትም ይኸው ነው። አፑ አንድ ቢሆንም ጌሙ ከገባ በኋላ የሚያወርደው ካርታ፣ ልብስና ድምፅ በየክፍሉ ለየብቻ ይቀመጣል። አንተ ያወረድከውን ወንድምህ እንደገና አውርዶታል። ስቶሬጅህንም የዳታ ጥቅልህንም ሁለቴ በልቷል ማለት ነው።

አሁን ጓደኛህ ወደላከልህ አፕ እንምጣ። ከውጭ ሲያዩት ሥራው ከ Dual apps ጋር አንድ ይመስላል። ከውስጥ ግን ሌላ ፍጥረት ነው።

ከፕሌይ ስቶርም ሆነ ከቴሌግራም የሚወርዱት የፓራለል አፖች አብዛኞቹ አዲስ የአንድሮይድ ተጠቃሚ አይፈጥሩም፤ ለመደበኛ አፕ ያ ሥልጣን አይሰጥም። የሚያደርጉት ጌምህን ራሳቸው ሆድ ውስጥ አስገብተው ማስኬድ ነው። ጌሙ ስልኩን «ፋይሌን ስጠኝ» ሲል መሃል ላይ ያ አፕ ተቀብሎ የራሱን ፎልደር ይሰጠዋል። «ይህ ስልክ ምንድን ነው?» ሲል ያ አፕ የፈለገውን ይመልስለታል። ቅድም ያሳየሁህን ሁለተኛ ትእዛዝ በዚህ ዓይነት አፕ ላይ ብትሞክረው 999 አታገኝም። እንግዳው ጌም በአስተናጋጁ አፕ ቁጥር ነው የሚሄደው። ለአንድሮይድ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ግድግዳ የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛው፣ እዚያ ውስጥ የምታስገባውን ሁሉ ያ አፕ ሊያየው ይችላል። በፌስቡክ ከገባህ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባውን የፌስቡክህን የመግቢያ ምልክት ይይዛል። ሁሉም ይሰርቃሉ አላልኩም። ለዓመታት በሰላም የሚሠሩም አሉ። ሊሰርቅ የፈለገ ግን ምንም በር መስበር አያስፈልገውም፤ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነውና የሚጠብቅህ። ይህ ደግሞ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ2023 ፕሮሞን የተባለ የኖርዌይ የደኅንነት ድርጅት ፊዮርድፋንተም የሚል ስም የሰጠውን ማልዌር ይፋ አድርጎ ነበር። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ሰዎችን በመልእክት እያግባባ የሚጫን ነበር። ኦርጅናሉን የባንክ አፕ በዚሁ የሆድ ውስጥ ዘዴ ያስኬድና ደንበኛው ምንም ሳይጠረጥር መሃል ላይ ሆኖ ይሠራበት ነበር። የባንክ አፑ ሐሰተኛ አልነበረም፤ የነበረበት ቤት ነው ሐሰተኛ። ስለዚህ ቴሌብርንም ሆነ የባንክ አፕን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል።

በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በፕሌይ ስቶር ያለው ቢያንስ ማን እንዳወጣው ይታወቃል፣ ችግር ሲገኝበት ከስቶሩ ይነሳል። የቴሌግራሙን ከአምስት ቻናል በኋላ ማን ከፍቶ ምን እንደጨመረበት ጓደኛህም አያውቅም። ጓደኛህ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ለእሱም የላከለት ሰው አለ።

ሁለተኛው ነገር ባን ነው። የጥያቄህን ግማሽ የያዘው እሱ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለት አካውንት መኖሩ በራሱ አይደለም የሚያስቀጣው። በአንድ ስልክ ላይ የሚጫወቱ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው፤ የጌሙ ድርጅት ጋሬናም ይህን ያውቃል። ከጨዋታው መግቢያ ላይ ወጥቶ በሌላ አካውንት መግባት ራሱ ጌሙ የሰጠው ነገር ነው። ድርጅቱ በይፋ የሚቀጣው ማጭበርበርን ነው፦ የተነካካ ጌም መጠቀምን፣ የጌሙን ፋይል መቀየርን፣ ድርጅቱ ያልፈቀደውን ከጌሙ ጋር የሚነካካ የሌላ ወገን ፕሮግራም መጠቀምን። የመጨረሻዋን ደግመህ አንብባት። ሰፊ ናት። የስልኩ የራሱ Dual apps ኦርጅናሉን ጌም ሳይነካ በሌላ ክፍል ስለሚያስኬድ በዚህ ውስጥ አይወድቅም ባይ ነኝ። ጌሙን ሆዱ ውስጥ የሚያስኬደው አፕ ግን በመሃል ገብቶ የጌሙን ጥያቄዎች እየመለሰ ነው። ከዚያ በላይ መነካካት ምን አለ?

ሌላም ምክንያት አለ። ሃክ የሚሸጡት ሰዎች ሥራቸው ስልኩ ሩት እንዲሆን፣ ማለትም የሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን እንዲከፈት ይፈልግ ነበር። ሩት ደግሞ ብዙ ልጅ ይፈራዋል። ስለዚህ ዘዴ ቀየሩ፦ «ይህን ቨርቹዋል አፕ ጫን፣ ጌሙን እዚያ ውስጥ ክፈት፣ ሃኩ ይሠራል» ማለት ጀመሩ። ጌሙ ሆዳቸው ውስጥ ስለሆነ ሩት ሳይኖርም ይነካኩታል። ፀረ ማጭበርበሩ እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መሆኑን ካየ፣ አንተ ንጹሕ ሰው ሆነህ ለሁለት አካውንት ብለህ ይሁን ወይም ሃክ ይዘህ ከውጭ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ሌባ የሚለብሰውን ጃኬት ለብሶ በጨለማ መሄድ ዓይነት ነው፤ ምናልባት ማንም አይናገርህም፣ ምናልባት ይናገርሃል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርህ። ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። ጋሬና ለሃክ የሚሰጠው ቅጣት አካውንቱ ላይ አያበቃም። በሕጉ እንደተናገረው ሃክ የተደረገበት ስልክም በሌላ በማንኛውም አካውንት ፍሪ ፋየር እንዳይጫወት ይታገዳል። ስልኩ ራሱ።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ወንድምህ 14 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነ ልጅ «ሄድሾት ፋይል» ይልክለታል። በክሎኑ ውስጥ፣ በራሱ አካውንት፣ ለአምስት ደቂቃ ይሞክረዋል። አካውንቱ ይታገዳል፤ ስልኩም ይታገዳል። ማታ አንተ የ3 ዓመቱን አካውንትህን ልትከፍት ስትል እዚያ ስልክ ላይ አይከፈትም። ምንም አላደረግክም፤ ግን ስልኩ አንድ ነው። ክሎን አካውንትን ከአካውንት ይለያል እንጂ ስልክን ከስልክ አይለይም።

«በክሎኑ ውስጥ ስልኩ ሌላ ይመስላል» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አፖች የሚያዩት የአንድሮይድ መለያ ቁጥር በየተጠቃሚው ይለያያል፤ ስለዚህ በ0 እና በ999 ላይ ጌሙ የሚያየው ያ ቁጥር አንድ አይደለም። ግን ስልክን የሚያሳብቀው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሞዴሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ የኢንተርኔት አድራሻው፣ ሌሎችም የሃርድዌር ምልክቶች አሉ። በዚያ ላይ ተደግፎ መሞከር የ3 ዓመት ልፋት ይዞ ቁማር መጫወት ነው።

በነገራችን ላይ ያገለገለ ስልክ የምትገዛ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የምትጫወተውን ጌም ጭነህ ግባበት። ባትሪና ስክሪን የሚፈትሽ ሰው ብዙ ነው፤ ይህን የሚፈትሽ ግን አላየሁም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን ብትጠይቀኝ ለእናንተ ክሎን ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። ስልኩ አንድ ስክሪን ነው ያለው። አንተ ስትጫወት ወንድምህ አይጫወትም፤ እሱ ሲጫወት አንተ ትጠብቃለህ። ሁለቱ ጌሞች በአንድ ጊዜ መከፈታቸው ማንንም አይጠቅምም። እንዲያውም 4 ጊጋ ራም ባለው ስልክ በአንድ ጊዜ አይከፈቱም ብል ይቀላል። ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ይወስዳል፣ ጌሙ የቀረውን ይወስዳል። ሁለተኛውን ስትከፍት አንድሮይድ ቦታ ለማግኘት የመጀመሪያውን ከኋላ ይገድለዋል። እንዴት ታውቃለህ? ወደ መጀመሪያው ስትመለስ ካቆምክበት አይቀጥልም፤ ከሎጎው ይጀምራል። ጨዋታ መሃል ላይ ከነበርክ ጓደኞችህን ሜዳ ላይ ጥለሃቸዋል ማለት ነው፤ ጌሙም የክብር ነጥብህን ይቀንስብሃል።

የሚሻለው ይኸው ነው፦ አንድ ፍሪ ፋየር፣ ሁለት መግቢያ። የአንተ በአንተ ጉግል፣ የወንድምህ በእሱ ጉግል ወይም ፌስቡክ። ተራ ስትቀያየሩ ከጌሙ ወጥቶ መግባት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚወርደው ካርታና ልብስ አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ስቶሬጅህም ይተነፍሳል። መውጣትና መግባት ከሰለቻችሁ ሌላ መንገድ አለ፦ ፍሪ ፋየር ማክስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ኦርጅናል የጋሬና ጌም ነው፤ የሚገባበትም አካውንት ያው የፍሪ ፋየሩ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይጫወታሉ። ለስልኩ ግን ሁለት የተለያዩ አፖች ናቸው። አንተ በማክስ፣ ወንድምህ በመደበኛው ፍሪ ፋየር ብትገቡ ያለ ምንም ክሎን ሁለት አካውንት ሁልጊዜ ተከፍቶ ይቆያል። ጉዳቱ ቦታ መውሰዱ ነው፤ አንተ ደግሞ የቸገረህ ቦታ ነው። ስለዚህ ለጊዜው በመጀመሪያው ቆይ።

ሌሎች ጌሞች ላይ መልሱ ይለያያል። ክላሽ ኦፍ ክላንስ የሚጫወት ሰው ክሎን ሲፈልግ ሳይ ይገርመኛል፤ የሱፐርሴል መግቢያው ራሱ ብዙ አካውንት አስቀምጦ በአንድ ንክኪ ያቀያይራል። ሳምሰንግ የያዘ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ Dual Messenger የቻት አፖችን እንጂ ጌምን አይቀበልም፤ እዚያ የሚያስፈልገው Secure Folder ነው። አሠራሩ የሬድሚው ዘመድ ነው፤ የተለየ ተጠቃሚ፣ የተለየ ክፍል። ሲጠፋም እንደዚያው ከነዕቃው ነው የሚጠፋው።

አሁን ወደ ወንድምህ አካውንት እንመለስ፤ ሥራው ዛሬ ማታ ያልቃል።

መጀመሪያ የእሱ የሆነ ጉግል አካውንት ያስፈልጋል። የአንተ አይሆንም፤ ያንተ ጉግል ቀድሞ በአንተ ፍሪ ፋየር ተይዟል። እናታችሁ ስልክ ሲገዛላት ሱቁ የከፈተላት ጂሜይልም አይሁን። የዚያን ፓስዎርድ ማንም አያውቀውም፤ ስንቱን ሰው በዚህ ምክንያት ስሸኝ እንደኖርኩ ብነግርህ። አዲስ ክፈቱለት፣ ፓስዎርዱን ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ማስመለሻ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሠራ ሲም ይሁን።

ከዚያ በክሎኑ ውስጥ ፍሪ ፋየሩን ክፈቱ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፕሮፋይሉ ላይ ያለውን የተጫዋች ቁጥር ስክሪንሾት አንሱና ደብተሩ ላይም ጻፉት። ስሙ አይበቃም፤ ቁጥሩ ነው። በመቀጠል የማርሽ ምልክቱን ነክታችሁ አካውንቱን ከጉግል ወይም ከፌስቡክ ጋር የሚያስረውን ቁልፍ ፈልጉ፤ ልጆቹ «ባይንድ» የሚሉት እሱን ነው። ከታሰረ በኋላ በቀላሉ ወደ ሌላ አይዛወርምና የምትመርጡት አካውንት ላይ ተረጋጉ። ጉግል በክሎኑ ውስጥ አልገባ ካለ የጉግል አገልግሎቶች እዚያኛው ክፍል ውስጥ አልበሩም ማለት ነው፤ Dual apps ሲበራ የሚጠይቀው ነገር ነው፣ ያኔ አልፋችሁት ይሆናል። ፌስቡክን ከመረጣችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፦ ስልኩ ላይ የተከፈተው ያንተ ፌስቡክ ከሆነ ሳታስተውሉ በአንተ ስም ሊታሰር ይችላል። ከማሰራችሁ በፊት በማን ስም እየገባ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አንብቡ።

አሁን ማረጋገጫው ነው። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ነው ቆይቶ ወደ እኔ የሚመጣው። ክሎኑን ሳታጠፋ በዋናው ፍሪ ፋየር ላይ ከራስህ አካውንት ውጣ። ያንተ ከጉግል ጋር ስለታሰረ ምንም አይሆንም። በወንድምህ አዲስ መግቢያ ግባ። ፕሮፋይሉን ክፈትና ደብተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ አካውንቱ ከክሎኑ ወጥቷል። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ወይም ጌሙ አዲስ ስም ምረጥ ካለህ ማሰሩ አልተሳካም፤ ክሎኑን እንዳትነካ፣ ተመለስና እንደገና ሞክር።

ያችን ቁጥር አትጣላት፤ ዳይመንድ ስትገዙም ትፈለጋለች። በቴሌብር እየተቀበሉ በቁጥር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ከቁጥሩ ሌላ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ካለ ዝጋው፤ ለመሙላት ፓስዎርድ አያስፈልግም። በአንድ ስልክ ላይ ሁለት አካውንት ሲኖር ደግሞ በጣም የተለመደው ስህተት የወንድምን ዳይመንድ ራስ ላይ መሙላት ነው፤ አንዴ ከገባ አይመለስም፣ የሚቀረው የቤት ውስጥ ጠብ ነው።

የጓደኛህን ኤፒኬ ካልጫንከው ሰርዘው። ከጫንከውና በጉግል ወይም በፌስቡክ ከገባህበት ግን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የመግቢያ ምልክቱ ወጥቶ ከሆነ አፑ ከስልኩ ቢጠፋም ይሠራል። መጀመሪያ አፑን አጥፋ፣ ከዚያ ፓስዎርዱን ቀይር፤ ከመጥፋቱ በፊት ከቀየርከው አዲሱንም ሊያየው ይችላል። በመቀጠል የጉግል አካውንትህ Security ውስጥ ገብተህ የተገናኙ መሣሪያዎችን ተመልከት፣ የማታውቀው ካለ አስወጣው። ፌስቡክ ላይም የገባህባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ታገኛለህ፤ እዚያም እንደዚሁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ፣ ቁጥሩንም በዋናው ፍሪ ፋየር ላይ በዓይንህ ካየኸው፣ Settings፣ ከዚያ Apps፣ ከዚያ Dual apps ግባ። ማጥፊያውን አሁን ግፋው።